ሰዓትሽ አያውቅሽም

የልብ ምትን አንብቦ «ይህን ያህል ካሎሪ አቃጥለሻል» ከሚል ከማንኛውም ማሽን ጀርባ አንድ ቀመር አለ። ከእነዚህ ቀመሮች መካከል በግልጽ ታትሞ የወጣውና በኢንተርኔት የካሎሪ ማስሊያዎች ላይ በሰፊው የሚገኘው አንዱ፣ በሴቶቹ መስመር ላይ ክብደትን በመቀነስ ምልክት ያስገባል። ሁለት ሴቶች በዕድሜ እኩል ሆነው፣ ልባቸውም እኩል እየመታ ቢንቀሳቀሱ፣ በኪሎ የምትበልጠው ያቃጠለችው ያንሳል ይላል። በወንዶቹ መስመር ያው ክብደት ይደመራል። ሰውን ማሠልጠን እንጀራዬ ነው። በዚህች ምልክት የተነሳ ስንት ሴት አንገቷን ደፍታ ከጂም እንደወጣች ስለማውቅ፣ ዛሬ ቀመሩን ከነቁጥሩ አደባባይ አወጣዋለሁ።

```
ወንድ፦ kJ/min = -55.0969 + 0.6309×HR + 0.1988×kg + 0.2017×age
ሴት፦  kJ/min = -20.4022 + 0.4472×HR - 0.1263×kg + 0.0740×age
```

HR በደቂቃ የልብ ምት ነው፤ kg ክብደት፣ age ዕድሜ። ውጤቱ በደቂቃ የሚወጣ ኪሎ ጁል ስለሆነ፣ እኛ በተለምዶ ካሎሪ ወደምንለው ለመለወጥ ለ4.184 ይካፈላል። ሌላ ምስጢር የለውም። ከምርመራ ክፍል የወጣ የሚመስለው፣ በስክሪን ላይ በትልቁ የሚያበራው ቁጥር ሦስት ማባዛትና ጥቂት መደመር ነው።

ቁጣዬ ቀመሩን በሠሩት ሰዎች ላይ አይደለም። ሥራቸው የታተመው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኬይቴልና ባልደረቦቿ በደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕታውን ያካሄዱት ጥናት ነው። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 45 የሆነ፣ ክብደታቸው ከ47 እስከ 120 ኪሎ የሚደርስ 115 ሰዎችን ወሰዱ። ሁሉም አዘውትረው ስፖርት የሚሠሩ ነበሩ። በብስክሌት ማሽን ወይም በመሮጫ ማሽን ላይ አድርገው፣ በሦስት የተለያዩ የድካም ደረጃዎች ላይ እያቆዩ፣ የሚተነፍሱትን አየር እየለኩ የልብ ምታቸውን መዘገቡ። ከዚያ በልብ ምትና በሚወጣው ጉልበት መካከል ያለውን ዝምድና በስታትስቲክስ ፈለጉ። ንጹሕ ሥራ ነው። መደምደሚያቸውም ጨዋ ነበር፤ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ክብደትና የሰውነት ብቃት ከተስተካከሉ በኋላ የሰዎችን *ስብስብ* የጉልበት ወጪ ከልብ ምት መገመት ይቻላል አሉ። ስብስብ ነው ያሉት። አንቺን ብቻሽን አላሉም።

ብቃት የሚለውንም ልብ በሉ። ተመራማሪዎቹ ሁለት ቀመር ነው የሠሩት። የመጀመሪያው ቪኦቱ ማክስ የሚባለውን፣ አንድ ሰው በሙሉ አቅሙ ሲሠራ ሰውነቱ በደቂቃ ሊጠቀምበት የሚችለውን የኦክስጅን መጠን ያስገባል። ይህ ቀመር በጥናቱ ሰዎች መካከል የታየውን የጉልበት ወጪ ልዩነት 83.3 በመቶ ያህሉን አስረዳ። ሁለተኛው፣ ከላይ የጻፍኩት፣ ብቃትን የሚለካ ነገር በእጁ ለሌለው ሰው የተሠራ ነው፤ የሚያስረዳው 73.4 በመቶውን ነው። ከልዩነቱ ሩብ የሚበልጠው ሳይፈታ ቀርቷል፤ ያውም ቀመሩ በተሠራባቸው በዚያው ሰዎች ላይ። በየቤቱ የተሰራጨው ይኸኛው፣ ብቃት የጎደለው ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ዕድሜ፣ ኪሎና ጾታ ማንም ሰው በግማሽ ደቂቃ ይሞላቸዋል፣ ብቃትን ለመለካት ግን ጭንብልና ላብ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ መቀነስ ምልክቷ ልመለስ። የማተሚያ ስህተት አይደለችም። ልብ በእኩል ፍጥነት ሲመታ ብቃት ያለው ሰውነት የበለጠ ኦክስጅን ያደርሳል፤ ስለዚህ የበለጠ ጉልበት ያወጣል። ብቃት ከቀመሩ ሲወጣ ሥራውን ሌላ ነገር መሸከም አለበት፤ የተሸከመውም ክብደት ነው። በዚያ ጥናት ሴቶች መካከል ኪሎ ሲጨምር ብቃት ይቀንስ ስለነበር፣ ስታትስቲክሱ ክብደትን የብቃት ማነስ ምስክር አድርጎ ተቀበለው። ማስረጃው እዚያው ጥናት ውስጥ ነው፤ ብቃት በተለካበት በመጀመሪያው ቀመር ላይ የሴቶቹ ክብደት ወደ መደመር ይመለሳል፣ 0.103 ተብሎ። ብቃት ሲገባ ምልክቷ ትገለበጣለች፣ ብቃት ሲወጣ ተመልሳ ትቀንሳለች። እንግዲህ ቀመሩ 90 ኪሎ የምትመዝን ሴትን ሲያይ የሚያየው ክብደቷን አይደለም፤ ብቃት የላትም ብሎ አስቀድሞ ፈርዶባታል።

ፍርዱ በእውነተኛ ሰው ላይ ምን እንደሚሠራ ላሳያችሁ። ሁለት ጓደኛሞች አሠለጥናለሁ፤ ሁለቱም 35 ዓመታቸው ነው። አንዷ 60 ኪሎ ናት። ሌላዋ 90 ኪሎ ናት፣ ወጣት ሳለች ቅርጫት ኳስ የተጫወተች፣ ዛሬም ብረት የምታነሳ ብርቱ ሴት። ጎን ለጎን በሁለት ማሽን ላይ፣ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር፣ በ5 በመቶ ዳገት፣ እጀታውን ሳይዙ 30 ደቂቃ ተራመዱ። የሁለቱም የልብ ምት 120 አካባቢ ነበር።

በቀመሩ መሠረት 60 ኪሎዋ በደቂቃ 28.3 ኪሎ ጁል አወጣች፤ በ30 ደቂቃ 203 ካሎሪ ማለት ነው። 90 ኪሎዋ 24.5 ኪሎ ጁል፤ 176 ካሎሪ። ወረድ ብለው ስልካቸውን አስተያዩ።

«ኮች፣ እኔ ከእሷ 30 ኪሎ አብልጬ ተሸክሜ እኩል ዳገት ወጥቼ እንዴት ነው ከእሷ ያነስኩት?» አለችኝ 90 ኪሎዋ።

ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ መልሱም በሌላ መንገድ ሊሰላ ይችላል። የአሜሪካ ስፖርት ሕክምና ኮሌጅ የሚያስተምረው የእርምጃ ስሌት አለ። የልብ ምት አይጠይቅም፤ ፍጥነትንና ዳገትን እንጂ። በዚያ ፍጥነትና ዳገት ላይ እያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት በደቂቃ ለመኖር ብቻ 3.5 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ወደፊት ለመሄድ 8.3፣ ዳገቱን ለመውጣት 7.5። ድምሩ 19.3 ነው። በ60 ኪሎ ሲባዛ በደቂቃ 1.16 ሊትር፣ በ90 ሲባዛ 1.74 ሊትር። አንድ ሊትር ኦክስጅን በግርድፉ 5 ካሎሪ ያወጣል። ስለዚህ 60 ኪሎዋ በ30 ደቂቃ 174፣ 90 ኪሎዋ 261።

አወዳድሩት። ለቀላሏ ቀመሩ በ29 ካሎሪ አበዛላት። ከባዷን 85 ካሎሪ ነጠቃት፤ ከሠራችው ሲሶውን። ቅደም ተከተሉንም ገለበጠው። የእርምጃው ስሌትም ግምት እንደሆነ አውቃለሁ፤ የአረማመድ ልዩነት ወዲያና ወዲህ ያደርገዋል። ነገር ግን የቆመው አካልን ዳገት ላይ ማንሳት ጉልበት ይጠይቃል በሚል እውነት ላይ ነው፤ 90 ኪሎ ወደ ላይ መውጣቱን ማንም አይክደውም። ያኛው የቆመው ደግሞ ኬፕታውን ውስጥ የነበሩ ሌሎች ወፍራም ሴቶች በአማካይ ምን ይመስሉ እንደነበር ላይ ነው። ፊቴ የቆመችው ሴት ከእነሱ አንዷ አይደለችም።

ይህ ለምን እንደሚሆን ለመረዳት ልብን ማወቅ ይበቃል። አዶልፍ ፊክ የተባለ ጀርመናዊ በ1870 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠው መርህ አለ። ሰውነት በደቂቃ የሚጠቀምበት ኦክስጅን የሦስት ነገሮች ብዜት ነው፦ ልብ ስንት ጊዜ መታ፣ በአንድ ምት ስንት ደም ረጨ፣ ከዚያ ደም ላይ ጡንቻ ስንት ኦክስጅን ወሰደ። ሰዓቱ የሚቆጥረው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። አንዲት ሴት ከምንጭ ስትመላለስ ቆጥሮ፣ እንስራዋን ሳያይ፣ ስንት ሊትር ውኃ እንደቀዳች እንደመናገር ነው። የእንስራው ትልቅነት ከሰው ሰው ይለያያል፤ ልምምድ ያሰፋዋል፣ የደም ማነስ ይዘቱን ያሳሳዋል። ዕድሜ፣ ክብደትና ጾታ ወደ ቀመሩ የገቡት እንስራውን ለመገመት ነው። ግምት ናቸው፤ ሦስቱም።

ጾታን እንውሰድ። ዕድሜው 35፣ ክብደቱ 60 ኪሎ የሆነ ወንድ ልቡ 120 እየመታ 30 ደቂቃ ቢንቀሳቀስ ቀመሩ 284 ካሎሪ ይሰጠዋል። ሴቷን 203 ብሏታል። 81 ካሎሪ ልዩነት፣ «ወንድ» እና «ሴት» ከሚሉ ሁለት አዝራሮች አንዱን በመጫን ብቻ። በአማካይ ምክንያት አለው። የሴቶች ልብ በአማካይ ያንሳል፣ በደማቸው ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢንም በአማካይ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ በአንድ ምት የሚደርሰው ኦክስጅን ያነሰ ነው። ነገር ግን አማካይ ሁለቱን ጾታዎች ሲለያይ በመካከል ያለው መደራረብ ሰፊ ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. በባርሴሎና ኦሊምፒክ 10,000 ሜትር ያሸነፈችውን የያኔዋን ደራርቱ ቱሉን፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ከሚውል ወንድ ጋር ልብ በእኩል እየመታ አስቧቸው። የማን ልብ በአንድ ምት የበለጠ እንደሚያደርስ የማይገባው ኢትዮጵያዊ የለም። ቀመሩ ግን ለእሷ የሴቶቹን መስመር መርጦ ያሳንሳታል፣ ለእሱ የወንዶቹን መርጦ ያበዛለታል።

የዕድሜውም ነገር ያው ነው። በሁለቱም መስመሮች ላይ ዕድሜ ይደመራል፤ ልብ በእኩል ሲመታ በዕድሜ የገፋው የበለጠ አቃጠለ ይላል። ከጀርባው ያለው ሐሳብ፣ ዕድሜ ሲጨምር የልብ ከፍተኛ ምት ይቀንሳል የሚል ነው። «220 ሲቀነስ ዕድሜ» በሚለው የታወቀ ሕግ፣ 130 ምት ለ25 ዓመት ሰው ከከፍተኛው 67 በመቶ ሲሆን ለ45 ዓመት ሰው 74 በመቶ ነው፤ ስለዚህ ትልቁ ሰው ወደ አቅሙ ጣሪያ ቀርቧል። ጥሩ። ግን ያ ሕግ ራሱ አማካይ ነው፤ በእኩል ዕድሜ ያሉ ሰዎች እውነተኛ ከፍተኛ ምት 10 እና 12 ምት ወዲያና ወዲህ መራቁ የተለመደ ነው። ከዚህም የሚብሰው፣ ጥናቱ 45 ዓመት ላይ ቆሟል። የ68 ዓመት እናታችንን ዕድሜ የሚያስገባ መተግበሪያ ማንም ባልለካው አገር ላይ መስመሩን እያስረዘመ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ግን ለእሳቸውም ቁጥሩ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይወጣል።

አሁን ግራ የሚያጋባውን ክፍል እንመልከት፤ ቀመሩ እንቅስቃሴ በሌለበት ሲሠራ። ሰዓቱን ቀኑን ሙሉ አስረን ስለምንውል ይህ የጎንዮሽ ነገር አይደለም። ዕድሜው 35፣ ክብደቱ 70 ኪሎ የሆነ፣ ሩጫ የለመደ ወንድ አረፍ ሲል ልቡ 50 ይመታል እንበል። ቁጥሩን አስገቡ፤ በደቂቃ ከዜሮ በታች 2.6 ኪሎ ጁል ይወጣል። ሰውየው ተቀምጦ ጉልበት እያመረተ ነው ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ሕያው ፍጡር የለም። ይኸው ሰው ተቀምጦ ሳለ ደንግጦ፣ ትኩሳት ይዞት ወይም ጫት ቅሞ ልቡ 100 ቢመታስ? ቀመሩ በሰዓት 415 ካሎሪ ይሰጠዋል። የተቀመጠ 70 ኪሎ ሰው በሰዓት በእውነት የሚያወጣው 80 ገደማ ነው። ድንጋጤ ልብን ያስሮጣል፣ ጡንቻን ግን ሥራ አያሠራም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖንም እንደዚሁ የልብ ምትን ይጨምራል። ሰዓቱ የሚለይበት መንገድ የለውም፤ ለእሱ ምት ምት ነው።

ይህን ተመራማሪዎች ከጥንት ያውቁታል። በልብ ምትና በኦክስጅን መካከል ያለው ቀጥተኛ ዝምድና የሚይዘው በመካከለኛው የእንቅስቃሴ ክልል ነው። ስለዚህ በጥንቃቄ የሚሠሩት እያንዳንዱን ሰው ለብቻው በጭንብል ለክተው፣ የልብ ምቱ ዝምድናውን የሚጀምርበትን ነጥብ ይፈልጋሉ፤ ከዚያ በታች የዕረፍት ወጪን ይጠቀማሉ፣ ከዚያ በላይ የዚያኑ ሰው የራሱን መስመር። የሰው መስመር የራሱ ነው፤ ከሌላ ሰው አይዋስም። ለገበያ የወጣው ዕቃ ይህን አድካሚ ደረጃ ዘልሎ የልኬቱን ክብር ብቻ ወሰደ።

እኛ በከፍታ ላይ የምንኖር ሰዎች ደግሞ የራሳችን ጣጣ አለብን። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው ያለችው፤ እንጦጦ ከ3,000 ይበልጣል። ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ ለዕረፍት የመጣ ዘመዳችን በመጀመሪያዎቹ ቀናት እዚያ ሲወጣ፣ አየሩ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚሰጠው ኦክስጅን ስለሚያንስ ልቡ ለዚያው ሥራ ቶሎ ቶሎ ይመታል። የሥራው ዋጋ ግን አልተለወጠም፤ ዳገቱ ያው ዳገት፣ ኪሎው ያው ኪሎ ነው። ለወንድ አንድ ተጨማሪ ምት በቀመሩ ላይ በደቂቃ 0.15 ካሎሪ ትጨምራለች። ከለመደው 15 ምት ከፍ ብሎ አንድ ሰዓት ቢራመድ፣ ሰዓቱ 136 ካሎሪ ከምንም ፈጥሮ ይሰጠዋል። እንጦጦ አቃጠለልኝ እያለ ማታ ይበላዋል። ሙቀት ላይም ይኸው ይደርሳል፤ ደም ለማቀዝቀዝ ወደ ቆዳ ሲሄድ ልብ ይፈጥናል፣ ረጅም ልምምድ ላይ ላብ ሲወጣ ደግሞ ፍጥነት ሳይጨምር ምቱ ቀስ እያለ ይወጣል።

በተቃራኒው የሚጎዱት እነማን እንደሆኑ ስናይ ነው ደሜ የሚፈላው። ለደም ግፊት ወይም ለልብ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል የመሰሉ፣ ቤታ ብሎከር የሚባሉ መድኃኒቶች የሚወስዱ ሰዎች ልባቸው በግድ ተይዟል። የ45 ዓመት፣ የ80 ኪሎ ሰው ያለ መድኃኒቱ በ120 ምት የሚሠራውን ሥራ በመድኃኒቱ በ95 ቢሠራው፣ ቀመሩ በ30 ደቂቃ ከ327 ካሎሪ ወደ 214 ያወርደዋል። ሐኪሙ «ተራመድ» ብሎ የላከው ሰው፣ ታዝዞ የተራመደ ሰው፣ ሲሶ ሥራው ይሰረዝበታል። አንዳንዱ ቁጥሩን ለመሙላት ልቡን ሊያስጨንቅ ይነሳል። የልብ ምቱ እንዲወርድ በሐኪም የታዘዘለትን ሰው፣ ምትህን ከፍ አድርግ የሚል ስክሪን ፊት ማቆም አደጋ ነው። ማናቸውም መተግበሪያ ስሙንና ኪሎውን ሲጠይቀው «ልብህን የሚያዘገይ መድኃኒት ትወስዳለህ?» የምትል አንዲት ጥያቄ ብትጨመር ምን ይከብዳል?

«ያው ግምት ነው፣ ከምንም ይሻላል» የሚሉኝ አሉ። አይሻልም። የማይታወቅ ነገር አይታወቅም ተብሎ ቢተው ሰው ጥንቃቄ ያደርጋል፤ «412 ካሎሪ» ተብሎ እስከ አንድ ቤት ሲነገረው ግን ያምናል። በ2017 እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ተመራማሪዎች 7 የእጅ ሰዓቶችን በ60 ሰዎች ላይ ፈተኑ። የልብ ምትን 6ቱ ከ5 በመቶ ባነሰ ስህተት ቆጠሩ፤ የሚመሰገን ነው። በካሎሪ ላይ ግን ምርጡ በአማካይ 27 በመቶ ሳተ፣ የከፋው 93 በመቶ። ምቱን በትክክል ቆጥረው ካሎሪውን መሳታቸው ራሱ ነገሩን ይናገራል፤ ስህተቱ ከቆጠራው አይደለም፣ ከቆጠራው በኋላ ካለው ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ደግሞ አብዛኞቹ አምራቾች አይገልጡም። የኬፕታውኑን ቀመር ቢያንስ አንብበን ልንከራከረው እንችላለን፤ የእነሱን ግን አናየውም።

ግምቱ በየት በኩል እንደሚስትም ልብ በሉ። ሁለት የ35 ዓመት፣ የ60 ኪሎ ሴቶች ልባቸው 140 እየመታ 45 ደቂቃ ሠሩ እንበል። አንዷ ጀማሪ ናት፣ ቪኦቱ ማክሷ 30፤ ሌላዋ የከረመች ናት፣ 50። ብቃትን የሚያስገባው የተመራማሪዎቹ ሙሉ ቀመር ለጀማሪዋ 331፣ ለሁለተኛዋ 413 ይሰጣል። ብቃት የጎደለው ቀመር ለሁለቱም 400 ይላል። ለከረመችው ተቀራራቢ ነው። ጀማሪዋን፣ ማለትም ቁጥሩን አምና ምግቧን የምትመጥነዋን፣ 69 ካሎሪ አላግባብ ቸራት። በዚያ ላይ ይህ ድምር ሶፋ ላይ ብትቀመጥም ታወጣው የነበረውን፣ በደቂቃ አንድ ካሎሪ ገደማ፣ አብሮ ይዟል። እሱ ሲወጣለት ጀማሪዋ በልምምዱ *የጨመረችው* 286 ገደማ ብቻ ነው። «400 አቃጥለሻል፣ 400 መብላት ትችያለሽ» የሚል የአመጋገብ ሰንጠረዥ የሚያድል አሠልጣኝ በዚህ ልዩነት ላይ ነው ሰው የሚያከስር። ወር ሙሉ ለፍታ ኪሎዋ ካልተነቃነቀ ደግሞ «ትሰርቂያለሽ፣ ተደብቀሽ ትበያለሽ» ይላታል። በዚህ ዓይነት ስድብ ስታለቅስ ያየኋት ሴት አለች። የሰረቀው ግን ስሌቱ ነበር።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም፤ ሁሉም ዛሬ ሊደረግ የሚችል ነው። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ሳይሆን ከዚህ እስከዚህ ተብሎ በክልል ይታይ። የዕረፍቱ ወጪ ተቀንሶ ይቅረብ። ቀመሩ በየትኛው ዕድሜ፣ በየትኞቹ ሰዎች ላይ እንደተሠራ ይጻፍ። ከ90 ምት በታች የካሎሪ ስሌቱ ከልብ ምት ይላቀቅ። መሮጫ ማሽን ፍጥነቱንና ዳገቱን ራሱ እያወቀ በልብ ምት ይገምት ዘንድ ምንም ምክንያት የለም፤ በያዘው እውነት ያስላ። ብረት ማንሳት ላይ ደግሞ ቀመሩ ጨርሶ ዝም ይበል። ትንፋሽን ይዞ ከባድ ነገር መግፋት የልብ ምትን ከኦክስጅን ፍጆታ በላይ ያስነሳል፤ ይህን መስመር የሠሩት ብስክሌት የሚነዱና የሚራመዱ እግሮች እንጂ ብረት የሚገፉ ክንዶች አይደሉም።

የ90 ኪሎዋን ሴት ጉዳይ የያዝኩት እንዲህ ነው። ከሠንጠረዧ ላይ የካሎሪውን ዓምድ ሰረዝኩት። በቦታው ፍጥነት፣ ዳገት፣ የፈጀችው ደቂቃና በመጨረሻው ደቂቃ ላይ ያለው የልብ ምት ገቡ። ያው 5 ኪሎ ሜትር፣ ያው 5 በመቶ ዳገት፣ ያው 30 ደቂቃ ነው። ልቧ እየበረታ ሲሄድ 120 የነበረው ምት ወደ 108 ወረደ። ልብ በአንድ ምት የበለጠ መርጨት ጀመረ ማለት ነው፤ ልምምድ የሚፈለገው ለዚሁ ነው። ዳገቱ የሚጠይቀው ኦክስጅን አልቀነሰም፤ ክብደቷ እስካልተለወጠ ድረስ ዛሬም ወደ 261 ካሎሪ ነው። የድሮውን መተግበሪያ ግን ብትከፍተው፣ 176 ይል የነበረው 137 ይላታል። በበረታች ቁጥር ያንስባታል። ይህን ቁጥር ለሴት ልጅ የሚያሳይ ማንኛውም ድርጅት፣ ማንኛውም ጂም፣ ማንኛውም አሠልጣኝ ከየት እንዳመጣው በአደባባይ ያስረዳ፤ ካልቻለ ያውርደው።